የነጃሺ እንግዶች፤ የነቢዩ ሙሐመድ የሕይወት ታሪክ ጥንታዊ ምንጮች እንዴት ይመዘናሉ?

የሰባተኛውን መቶ ዓመት ታሪክ በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ አንድ ክርክር ሳይነሣ አይቀርም። ትምህርቱ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ወደ ሐበሻ ተሰደው በአክሱም ንጉሥ ዘንድ ስለ መጠለላቸው ነው። ተማሪዎቹ ታሪኩን ከየቤታቸው ሰምተውት ይመጣሉ። አንደኛው «ንጉሡ ሰልመዋል» ይላል። ሌላው «እንግዳ ተቀበሉ እንጂ ሃይማኖታቸውን አልለወጡም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚናገሩት በዐይናቸው እንዳዩ ሆነው ነው። መምህሩም ነገሩ ሲጋጋል ጊዜ «ወደ ትምህርታችን እንመለስ» ብሎ ያልፋል። እኛም ብዙ ጊዜ እንዲሁ አልፈናል። አሁን ግን ቆም ብለን ሁለቱም ያልጠየቁትን እንጠይቅ። ይህን ታሪክ መጀመሪያ የጻፈው ማን ነው? ከማን ሰምቶ? ነገሩ ከሆነስ ከስንት ዓመት በኋላ?

የነቢዩን ሕይወት የሚተርከው የጽሑፍ ዓይነት በዐረብኛ «ሲራ» ይባላል፤ ቃሉ አካሄድ፣ የአኗኗር ፈለግ ማለት ነው። ከሲራ ጋር ጎን ለጎን የሚነሣ «መጋዚ» የሚባልም አለ። እርሱ በተለይ ስለ ዘመቻዎች የሚተርክ ነው፤ በጥንት ጊዜ ግን ሁለቱ ስሞች እየተደባለቁ ይሠራባቸው ነበር። ገድልና ዜና መዋዕል የሚያውቅ የአገራችን አንባቢ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ሲራ እንደ ገድል ምእመናን ለሚያከብሩት ሰው የተጻፈ ነው፤ እንደ ዜና መዋዕልም የዘመቻ ቅደም ተከተልንና የሰዎችን ስም ዝርዝር ይመዘግባል። አንድ ነገር ግን ከሁለቱም ይለየዋል። በሲራ መጽሐፍ ውስጥ አብዛኛው ወሬ ራሱን ችሎ የቆመ ሲሆን፣ በራስጌው ላይ «እገሌ ነገረኝ፣ እርሱም ከእገሌ ሰምቶ» የሚል የአስተላላፊዎች ሰንሰለት ተጽፎበታል። ይህን ሰንሰለት ዐረቦች «ኢስናድ» ይሉታል። ሰንሰለቱ የተሟላ፣ የጎደለ ወይም የተቀጠለ ሊሆን ስለሚችል፣ ምንጭን መመዘን የሚጀመረው ከዚያ ነው።

በእጃችን ያለው ጥንታዊና የተሟላ የነቢዩ የሕይወት ታሪክ የኢብን ኢስሐቅ ነው። ኢብን ኢስሐቅ በመዲና የተወለደ ሲሆን፣ በኋላ ወደ ኢራቅ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ767 ገደማ ሞተ። ነቢዩ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ632 ስለሆነ፣ በእርሳቸው ሞትና በጸሐፊው ሞት መካከል 135 ዓመት ያህል አለ። ያም ሆኖ የኢብን ኢስሐቅ መጽሐፍ እርሱ እንደ ጻፈው አልደረሰንም። ዛሬ የምናነበው ኢብን ሂሻም የሚባል ሰው ከኢብን ኢስሐቅ ተማሪ ከአል በካኢ ተቀብሎ ያሰናዳውን ነው፤ ኢብን ሂሻምም የሞተው በዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ይህ ሰው በመግቢያው ላይ አንዳንድ ነገር ቆርጦ መጣሉን ሳይደብቅ ይናገራል። ስለ ነቢዩ የማይናገረውን፣ የግጥም ዐዋቂዎች የማያውቁትን ግጥም፣ ሲነገር የሚያሳፍረውንና አንዳንድ ሰዎችን የሚያስከፋውን አስቀርቻለሁ ይላል። ይህን ያህል በግልጥ የሚናዘዝ አሰናጅ ብዙ አይገኝም። ደግነቱ የኢብን ኢስሐቅ ተማሪ አንድ ብቻ አልነበረም። ዩኑስ ኢብን ቡከይር የተባለው ተማሪው ያስተላለፈው ክፍል በሞሮኮ፣ በፌዝ ከተማ በእጅ ጽሑፍ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1976 ታትሟል። ሰለማ የተባለው ተማሪ ያስተላለፈውንም ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ አል ጠበሪ (እ.ኤ.አ. በ923 የሞተው) በመጽሐፉ ውስጥ ጠቅሶታል። ሦስቱ ሲስተያዩ፣ የመምህሩ ቃል የትኛው፣ የተማሪው ቃል የትኛው እንደ ሆነ በመጠኑም ቢሆን መለየት ይቻላል።

እንግዲህ ወደ ሐበሻው ስደት እንመለስ። ስደቱ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ እንደ ተደረገ ይነገራል። ይህን ነገር በተለይ የመረጥነው ስለ አገራችን በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ከኢብን ኢስሐቅ በፊት የነበሩ የወሬ እርከኖች ተለይተው ከሚታዩባቸው ጥቂት ታሪኮች አንዱ ስለሆነም ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ምስክር አንድ ደብዳቤ ነው። ዑርወ ኢብን አል ዙበይር የመዲና ሊቅ ነበር፤ የሞተው እ.ኤ.አ. በ712 ገደማ ነው። የነቢዩ ባለቤት ዓኢሻ የእናቱ እኅት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ685 እስከ 705 የነገሠው ኸሊፋ ዐብዱል መሊክ ስለ ቀደመው ዘመን ሲጠይቀው ዑርወ በደብዳቤ መለሰለት። የደብዳቤውን ቃል የዑርወ ልጅ ሂሻም አስተላልፎት፣ በጠበሪ መጽሐፍ ውስጥ እናገኘዋለን። ስለ ሐበሻው ስደት የሚናገረው ክፍል አጭር ነው። የመካ ሹማምንት ምእመናኑን ባስጨነቋቸው ጊዜ፣ ነቢዩ ወደ ሐበሻ ምድር እንዲሄዱ አዘዟቸው። በዚያ ነጃሺ የሚባል ደግ ንጉሥ ነበር፤ በአገሩ ማንም አይበደልም ነበር። ሐበሻም ቁረይሾች የሚነግዱበት፣ ሲሳይና ሰላም የሚያገኙበት ገበያ ነበረ። ብዙዎቹ ሄዱ፤ ነቢዩ ግን በመካ ቀሩ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ችሎት የለ፣ ንግግር የለ፣ እንባ የለ። አንባቢ በተለይ ገበያ የሚለውን ቃል ልብ ይበል። ስደተኞቹ ያመሩት ወደማይታወቅ አገር ሳይሆን፣ ነጋዴዎቻቸው መንገዱን ወደሚያውቁት አገር መሆኑን ይህ ቃል ብቻውን ያስረዳል። ደግሞም የስደቱን ክብር ከፍ የማያደርግ ነገር ስለሆነ፣ ለማሳመር ሲባል የገባ አይመስልም።

ሁለተኛው እርከን ሁላችንም የምናውቀው ትልቁ ትረካ ነው። ተራኪዋ ኡሙ ሰለማ ናቸው። ከመጀመሪያው ባላቸው ጋር ወደ ሐበሻ ተሰደው የነበሩና በኋላ የነቢዩ ባለቤት የሆኑ ሴት ናቸው። ኢብን ኢስሐቅ ታሪኩን ከመምህሩ ከአል ዙህሪ ሰማ፤ አል ዙህሪ ከአቡ በክር ኢብን ዐብዱር ረሕማን፣ እርሱም ከኡሙ ሰለማ ከራሳቸው። ቁረይሾች ዐምር ኢብን አል ዓስንና ዐብደላህ ኢብን አቡ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ላኩ፤ ከስጦታው ሁሉ በሐበሻ የሚወደደው ቆዳ ነበር። መልእክተኞቹ ለመኳንንቱ እጅ መንሻ ከሰጡ በኋላ ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ንጉሡን ጠየቁ። ንጉሡ ግን ሳልሰማቸው አልሰጥም አሉ። ጃዕፈር ኢብን አቡ ጣሊብ ስለ ሁሉም ሆኖ ተናገረ፤ ስለ መርየም የሚናገረውን የቁርኣን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ባነበበ ጊዜ ንጉሡና ጳጳሳቱ አለቀሱ። በማግስቱ ዐምር ስለ ዒሳ ምን እንደሚሉ ጠይቋቸው ብሎ ነገር ሠራ። ንጉሡም መልሳቸውን ሰምተው ከመሬት እንጨት አነሡና፣ ዒሳ እናንተ ካላችሁት የዚህን እንጨት ያህል እንኳ አያልፍም ብለው ፈረዱ።

በሰንሰለቱ ብቻ ብንፈርድ ይህ ጥሩ ወሬ ነው። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ በቦታው ነበሩ፤ ከእርሳቸው እስከ ጸሐፊው ያሉት መካከለኞች ሁለት ብቻ ናቸው። ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊ ሰንሰለቱን አይቶ አይቆምም፤ ወደ ቃሉም ይገባል። ጃዕፈር ለንጉሡ ሲናገር ነቢያችን ጸሎትን፣ ዘካንና ጾምን አዘዘን ይላል። የረመዳን ጾም የታዘዘው ግን ወደ መዲና ከተሄደ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ624 ነው። ነጃሺ ፊት ከቆሙበት ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። «ጾም የተባለው በጠቅላላው እንጂ ረመዳን አይደለም» የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ መልሱ አይናቅም። ለእኛ ግን ይበልጥ የሚመስለን፣ የንግግሩ ቃል በመዲና የእስልምና ትምህርት ከተደላደለ በኋላ የተቀናጀ መሆኑ ነው። ይህ ማለት ጃዕፈር አልተናገረም ማለት አይደለም። አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት የሰማውን ንግግር ሲደግም፣ በኋላ በተማረው ቃል መድገሙ የተለመደ ነገር ነው።

ሌላም የሚመዘን ነገር አለ፤ ይኸውም ዝምድና ነው። ኡሙ ሰለማ የመኽዙም ጎሣ ሰው ናቸው። ከእርሳቸው የሰማው አቡ በክርም መኽዙም ነው። ከሁለቱ መልእክተኞች አንዱ፣ ዐብደላህ፣ የኡሙ ሰለማ የአጎት ልጅ ነው። ታዲያ በትረካው ውስጥ ክፉው ምክር ሁሉ የዐምር ሲሆን፣ ዐብደላህ «ቢቃወሙንም ዘመዶቻችን ናቸው፤ ይህን አታድርግ» ብሎ የሚለምን ሆኖ ይታያል። በሌላ ሰንሰለት በመጣ ወሬ ደግሞ የዐምር ጓደኛ ዐብደላህ ሳይሆን ዑማራ ኢብን አል ወሊድ የሚባል ሰው ነው። እንግዲህ ትረካው በአንድ ቤተሰብ ዘንድ ሲነገር የኖረ የቤተሰብ ወግ መሆኑን መገመት አያስቸግርም። የቤተሰብ ወግ ውሸት አይደለም። ግን የወንድማችንን ጥፋት የማቅለል ልማድ አለው፤ በየለቅሶው ቤት ተቀምጦ የሰማ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ወሬ እንዴት እንደሚያድግ ደግሞ ኢብን ኢስሐቅ ራሱ ሳያውቀው ያሳየናል። በትረካው ውስጥ ንጉሡ የመልእክተኞቹን ስጦታ ሲመልሱ፣ እግዚአብሔር መንግሥቴን ሲመልስልኝ ጉቦ አልተቀበለኝም ይላሉ። አል ዙህሪ ይህን ለዑርወ ሲነግረው፣ ዑርወ «ምን ማለቱ እንደ ሆነ ታውቃለህ?» አለና ከዓኢሻ የሰማውን ነገረው። ንጉሡ ገና ልጅ ሳሉ መኳንንቱ አባታቸውን ገድለው አጎታቸውን አነገሡ፤ ልጁንም በ600 ዲርሃም ለነጋዴ ሸጡት። በዚያው ምሽት አጎቱ ዝናብ ሊመታው ቢወጣ መብረቅ ገደለው። 12 ልጆቹም ለመንግሥት የማይረቡ ሆነው ስለ ተገኙ፣ የተሸጠው ልጅ ተፈልጎ ነገሠ። ታሪኩ ያማረ ነው። ነገር ግን የመጣው ለአንድ ግልጥ ላልሆነ ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ ሆኖ ነው። የዮሴፍን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉም የትረካውን መልክ ይለየዋል። ዑርወ ለኸሊፋው በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ከዚህ አንዱንም አለማንሣቱን ስናስተውል፣ ያው ሰው በደብዳቤ የሚጽፈውና በጨዋታ የሚያወራው የተለያየ ክብደት እንዳለው እንረዳለን።

ሦስተኛው እርከን አል ዋቂዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ823 የሞተ ሲሆን፣ ወሬዎቹን ተማሪው ኢብን ሰዕድ መዝግቦልናል። ኢብን ኢስሐቅ ስለ መጀመሪያዎቹ ስደተኞች ሲናገር የ10 ወንዶችን ስም ይዘረዝራል፤ በድምሩም ከትንንሽ ልጆች በቀር 83 ወንዶች እንደ ተሰደዱ ከገለጠ በኋላ፣ አንደኛው መሄዱ ያጠራጥራል ብሎ ይጨምራል። አል ዋቂዲ ዘንድ ስንደርስ ግን ነገሩ ሁሉ ቁርጥ ያለ ነው። የሄዱት በረጀብ ወር፣ ነቢዩ በተላኩ በአምስተኛው ዓመት፤ 11 ወንዶችና 4 ሴቶች፤ አንዳንዱ በእግሩ፣ አንዳንዱ በግልቢያ ሹዐይባ ከሚባል ወደብ ደርሰው ሁለት የነጋዴ መርከቦች አገኙ፤ የመሳፈሪያውም ዋጋ ግማሽ ዲናር ነበር።

ተማሪ ይህን ሲያነብ «ዝርዝር ያለው ምንጭ ይታመናል» ማለቱ አይቀርም። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያሻው። ከነገሩ 150 ዓመት ገደማ ርቆ የጻፈው ኢብን ኢስሐቅ የማያውቀውን ወርና ዋጋ፣ ከእርሱ 50 ዓመት ያህል ዘግይቶ የሞተው አል ዋቂዲ ከየት አገኘው? ፓትሪሺያ ክሮን የተባለችው የታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመችው የመካን ንግድ በሚመለከት መጽሐፍ ይህንኑ ጥያቄ አጥብቃ አንሥታለች። ከነገሩ እየራቁ ሲሄዱ ዕውቀት መጨመሩ፣ ተራኪዎች ክፍተቱን ሲሞሉ እንደ ኖሩ ያሳያል የምትል ናት። በሌላ ወገን ግሪጎር ሾለርና አንድሬያስ ጎርከ የዑርወን ወሬዎች በየመጽሐፉ ከተበተኑበት ሰብስበው ሰንሰለታቸውንና ቃላቸውን አስተያይተዋል። በተለያዩ ተማሪዎች በኩል የመጡት ቃሎች በፍሬ ነገር ሲስማሙ፣ ፍሬ ነገሩ ከዑርወ የመጣ ነው ይላሉ። ይህም ቢሆን የሚያደርሰን እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው እንጂ እስከ 615 አይደለም፤ ደብዳቤዎቹን ራሳቸውን የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎችም አልጠፉም። የሙስሊም ሊቃውንት የጥንቱ ትችትም ከዚህ የሚያንስ አልነበረም። የመዲናው ታላቅ ሊቅ ማሊክ ኢብን አነስ ኢብን ኢስሐቅን በብርቱ ቃል ነቅፎታል፤ የሐዲስ ዐዋቂዎችም አል ዋቂዲን አያምኑትም ነበር።

«የአክሱም ምስክርነትስ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በዘመኑ የተጻፈና ስለ እንግዶቹ የሚናገር አንድም የግእዝ ጽሑፍ ወይም የድንጋይ ላይ ጽሑፍ አልተገኘም። የዐረብ ጸሐፊዎች ንጉሡን አስሐማ ይሏቸዋል፤ በዩኑስ ቅጂ ውስጥ ስሙ ሌላ መልክ አለው። ነጃሺ የሚለው ግን የሰው ስም ሳይሆን ከግእዙ «ነጋሢ» የመጣ የማዕረግ ስም ነው። በስማቸው ገንዘብ ካሠሩት የአክሱም ነገሥታት የመጨረሻው አርማሕ ናቸው፤ አስሐማ የሚል ስም ያለበት ገንዘብ የለም። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው የሚሉ አሉ፤ አስሐማ በነገሥታት ዝርዝር ውስጥ የሚገኘው እለ ጻሐም ነው የሚሉም አሉ። ሁሉም ግምት ነው። ከውቅሮ በስተ ሰሜን ያለችው የነጋሽ መንደር የንጉሡና የእንግዶቹ መቃብር ያለባት ናት ተብላ ትከበራለች፤ መስጊዷም እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በጦርነቱ ተጎድቶ ነበር። ኢብን ኢስሐቅ ግን እንግዶቹ የኖሩበትን ስፍራ በስም አይጠራም።

የሆነ ሆኖ የሐበሻ ድምፅ ጨርሶ አልጠፋም። በኡሙ ሰለማ ትረካ ውስጥ ንጉሡ እንግዶቹን ለማስከፋት «የወርቅ ደብር» ቢሰጠኝ አልወድም ይላሉ። ኢብን ሂሻምም ቃሉ ለዐረብ አንባቢ እንግዳ ስለሆነ በሐበሻ ቋንቋ ተራራ ማለት ነው ብሎ ይፈታዋል። የግእዝ ተማሪ ፍቺ አያስፈልገውም። ይህች ቃል ግን ምን ያህል ትመሰክራለች? ትረካው ሐበሻን በሚያውቁ ሰዎች አፍ ማለፉን ታሳያለች። በመካ ራሷ ሐበሾች ይኖሩ ስለነበር ግን፣ ቃሏ ከአክሱም ችሎት ተነሥታ መጣች ለማለት አትበቃም። በዚያው ትረካ ውስጥ ደግሞ አል ዙበይር፣ የዑርወ አባት፣ በተነፋ ስልቻ ናይልን ዋኝቶ ተሻግሮ የንጉሡን ጦርነት ሊያይ ይሄዳል። ለአክሱም የሚቀርቡት ትልልቆቹ ወንዞች ተከዜና መረብ መሆናቸውን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በሩቅ ላለ ተራኪ የሐበሻ ወንዝ ሁሉ ናይል ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ተማሪዎች ክርክር እንመለስ። የዑርወ ደብዳቤ ንጉሡን ደግ ንጉሥ ይላቸዋል እንጂ ስለ መስለማቸው ቃል የለውም። የኡሙ ሰለማ ትረካ በእንጨቷ ነገር ያበቃል፤ ሙስሊም እንደ እምነት ቃል፣ ክርስቲያን እንደ ብልህ ንጉሥ ፍርድ ሊያነበው ይችላል። መስለማቸውን የሚተርከው ሌላ ወሬ ነው። ሐበሾች ሃይማኖታችንን ተውክ ብለው ባመፁ ጊዜ፣ ንጉሡ የእምነት ቃላቸውን በወረቀት ጽፈው በቀኝ ትከሻቸው በኩል ከልብሳቸው ሥር አደረጉ፤ ሕዝቡ ስለ ዒሳ ያለውን ባለ ጊዜ እጃቸውን በዚያ ላይ አኑረው «ዒሳ ከዚህ አያልፍም» አሉ፤ ሕዝቡም ረክቶ ተበተነ። የዚህን ወሬ ሰንሰለት እንይ። ኢብን ኢስሐቅ ከጃዕፈር ኢብን ሙሐመድ፣ እርሱም ከአባቱ። ከዚያ በላይ ማንም የለም። አባትየው ስደቱ ከሆነ ከብዙ ዓመት በኋላ የተወለዱ ናቸው፤ ከማን እንደ ሰሙም አይነገርም። በሐዲስ ሊቃውንት ሚዛን እንኳ ቢሆን ሰንሰለቱ የተቆረጠ ነው። በተጨማሪም ነገሩ በባሕርዩ ምስክር ሊኖረው አይችልም፤ ከልብስ ሥር የተደበቀውን ወረቀት ማን አየው?

እንዲህ ሲባል የሙስሊሙ ተማሪ አቋም ባዶ ነው ማለት አይደለም። የንጉሡ ሞት በተሰማ ጊዜ ነቢዩ በመዲና የሙታን ጸሎት እንደ ጸለዩላቸው የሚናገረው ሐዲስ በቡኻሪ መጽሐፍ ይገኛል፤ የመጣውም በአንድ ሰንሰለት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ዘንድ ነጃሺ ከወገን ተቆጥረው እንደ ነበር ይህ በብርቱ ያስረዳል። የሚያስረዳው ግን በመዲና የታመነውን ነው። በአክሱም ቤተ መንግሥት፣ በጳጳሳቱ ፊት፣ ንጉሡ ራሳቸው ምን ይሉ እንደ ነበር የሚነግረን በዘመኑ የተጻፈ ቃል ከዚያ ወገን የለም። ተማሪው «ሰልመዋል» ሲል የትኛውን ወሬ ይዞ እንደ ሆነ፣ ጓደኛውም «አልሰለሙም» ሲል በየትኛው ዝምታ ላይ እንደ ቆመ ጠይቀናቸው፣ ሰንሰለቱን በሰሌዳው ላይ ስም በስም ቢጽፉልን፣ የክፍሉ ክርክር ከዚያ ወዲያ ስለ ነጃሺ ወረቀትና ስለ ዑርወ ደብዳቤ ይሆናል።